በሦስት ቻርት አንድ ኢንትሪ፦ ሳምንቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስማምቶ የመግባት ዝርዝር መመሪያ

በቅርቡ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ፎሬክስ የሚነግድ አንድ ወዳጄ ስልኩን ወደኔ አዞረው። «አቦ፣ ይሄን እየው! ሦስት አረንጓዴ ካንድል በተከታታይ። ገባሁ እኮ!» የሚያየው H1 ላይ፣ አንድ ካንድል የአንድ ሰዓት ዋጋ በሚይዝበት ቻርት ላይ ነው። ስልኩን ተቀብዬ W1ን፣ የሳምንቱን ቻርት፣ ነካሁት። ዋጋው ሁለት ወር ሙሉ ሲወርድ የከረመ ነው። እሱ ያያቸው ሦስት አረንጓዴ ካንድሎች እዚያ ትልቅ ቀይ ካንድል ውስጥ ተውጠው ፈልጎም አያገኛቸውም። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ስቶፑ፣ ኪሳራውን ቆርጦ የሚወጣበት ዋጋ፣ ተመታ።

«ትልቁን ትሬንድ እይ» የሚለውን ምክር ወዳጄ አልሰማም ማለት አይደለም፤ ሁላችንም ሰምተነዋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ምክሩን ሊሠራበት ሲነሳ ነው። ሦስቱን ቻርት ይከፍትና ሦስቱም ባንድ ጊዜ አረንጓዴ እስኪሆኑ ይጠብቃል። ሦስቱም አንድ ላይ የሚያምሩት ግን ዋጋው አብዛኛውን መንገድ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ፣ የሚገዛው ጫፍ ላይ ይሆናል። ከዚያ ዋጋው ትንሽ ሲመለስ ስቶፑን ይበላና «ትሬንድ መከተል አይሠራም» ይላል።

መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ሳምንቱ ወደ ላይ እየሄደ፣ ቀኑ ለጊዜው ወደ ታች ተመልሶ፣ ሰዓቱ ደግሞ ከዚያ መመለስ ወጥቶ እንደገና ወደ ላይ መዞር ሲጀምር መግባት። ቻርቶቹ ለጥቂት ቀናት ባይስማሙ ችግር የለውም። ኢንትሪው የሚገኘው ከዚያ አለመስማማት ሲወጡ ነው።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል በ EURUSD፣ በዩሮና በዶላር ጥንድ፣ ምሳሌ የተሠራ ነው። የዋጋ ቁጥሮቹን ለማሳያ እኔው ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ቻርት ላይ አትፈልጓቸው። ምሳሌው የግዢ ነው፤ ለሽያጭ ሁሉንም ገልብጡት። ልምምዱን በዴሞ አካውንት አድርጉ። ዶላር ከአገር ማውጣት በብሔራዊ ባንክ ሕግ የተገደበ ስለሆነ፣ ስለ እውነተኛ ገንዘብ ከማሰባችሁ በፊት ያንን አጣሩ።

## ዝግጅት፦ ሰዓታችሁንና ቻርታችሁን አስተካክሉ

1. ካንድል መቼ እንደሚዘጋ እወቁ። ይህ መመሪያ በሙሉ የሚቆመው በተዘጋ ካንድል ላይ ነው። የፎሬክስ ቀን የሚያልቀው ኒውዮርክ ከሰዓት በኋላ 5፡00 ሲሆን ነው። በኛ አቆጣጠር ይህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱበት ወቅት፣ ከጥቅምት መጨረሻ ገደማ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ፣ ከሌሊቱ 7 ይሆናል። የሳምንቱ ካንድል የሚዘጋው አርብ ሌሊት በዚሁ ሰዓት ነው።

ለንደን የሚከፈተው በበጋ ሰዓታቸው ለኛ ከጠዋቱ 4 ላይ ነው፤ በክረምት ሰዓታቸው 5 ላይ። ኒውዮርክ በተመሳሳይ ከቀኑ 9 ወይም 10 ላይ ይነቃል። ሁለቱ ከተሞች ሰዓት የሚቀይሩት በአንድ ቀን ስላልሆነ፣ በመጋቢትና በጥቅምት ጥቂት ሳምንታት ልዩነቱ ይዛባል። በነዚያ ሳምንታት ደግማችሁ አስሉ።

2. የብሮከራችሁን የቀን ካንድል ቁጠሩ። D1ን ክፈቱና ያለፈውን ሳምንት እዩ። 5 ካንድል ካለ ጥሩ ነው። 6 ካለና አንዷ ጥቂት ሰዓት ብቻ የያዘች የእሑድ ቁራጭ ከሆነች፣ የብሮከሩ ሰርቨር ቀኑን የሚዘጋው ከኒውዮርክ ጋር አይደለም። ያኔ የናንተ የቀን መዝጊያ ዋጋ ሌላው ሰው ከሚያየው ይለያል፤ ደረጃ 2ም ይበላሻል። ቀኑን በኒውዮርክ መዝጊያ የሚዘጋ ቻርት ፈልጉ። በሌላ ቻርት እያያችሁ በዚህኛው ብሮከር ማዘዝም ይቻላል፤ የዋጋ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

3. አንድ ቻርት፣ ሦስት ቀለም። ሦስት መስኮት አትክፈቱ። በ MetaTrader አንድ ቻርት ላይ W1 ሆናችሁ ያሰመራችሁት መስመር ወደ D1 እና H1 ስትሄዱ አብሮ ይመጣል። የሳምንቱን መስመር በሰማያዊ ወፍራም፣ የቀኑን በብርቱካን፣ የሰዓቱን በቀጭን ግራጫ አድርጉ። H1 ላይ ስትሆኑ የትኛው መስመር ከየት እንደመጣ በዓይን መለየት ካልቻላችሁ፣ የግራጫውን ያህል ለሰማያዊው ትጨነቃላችሁ፤ የሰማያዊውንም ያህል ግራጫውን ታምናላችሁ። ኮምፒውተር ላይ `Ctrl+Y` ስትጫኑ H1 ላይ ቀኖቹን የሚለዩ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይመጣሉ። ስንፍና የሌለበት ሰው ይህን ብቻ ቢያደርግ ግማሹ ግራ መጋባት ይቀርለታል።

ኢንዲኬተር አትጨምሩ። ሙቪንግ አቬሬጅ የሚወድ ሰው በኋላ ያስገባ፤ በሦስት ቻርት ላይ ሦስት ዓይነት አቬሬጅ ሰቅሎ የሚማር ሰው ግን አላጋጠመኝም።

## ደረጃ 1፦ W1፣ አቅጣጫውን ብቻ ጠይቁ

ይህ ደረጃ የቅዳሜ ሥራ ነው። ገበያው ዝግ ስለሆነ ማንም አያጣድፋችሁም፤ 15 ደቂቃ ይበቃል።

1. W1ን ክፈቱና ያለፈውን አንድ ዓመት ያህል፣ 50 ካንድል ገደማ፣ እስኪታይ አሳንሱት።

2. ጫፎቹን ምልክት አድርጉ። ጫፍ ማለት ሃዩ፣ ማለትም የነካው ከፍተኛ ዋጋ፣ በግራው ካሉት ሁለትና በቀኙ ካሉት ሁለት ካንድሎች ሃይ የሚበልጥ ካንድል ነው። የታች ጫፍም እንዲሁ ተገልብጦ። ይህን መለኪያ ያዙ፤ በዓይን ግምት ካደረጋችሁት የምትፈልጉትን ጫፍ ብቻ ታገኛላችሁ።

3. የመጨረሻዎቹን ሁለት የላይና ሁለት የታች ጫፎች ጻፉ። በምሳሌያችን እንዲህ ወጣ፦ ታች 1.0520፣ ላይ 1.0790፣ ታች 1.0640፣ ላይ 1.0930። ሁለተኛው ላይ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሁለተኛው ታችም ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሳምንቱ ወደ ላይ ነው።

4. ይህ ሐሳብ የሚሞትበትን ዋጋ በሰማያዊ አስምሩ፤ 1.0640 ነው። የሳምንት ካንድል ከዚያ በታች ከዘጋ ግዢ የለም። ረቡዕ ዕለት ዋጋው ነክቶት ተመልሶ ቢሆን ግን ምንም አልተለወጠም፤ የሚቆጠረው የአርብ ሌሊቱ መዝጊያ ነው።

5. ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጻፉ፦ «ግዢ»፣ «ሽያጭ» ወይም «የለም»። ላዩ ከፍ ብሎ ታቹ ደግሞ ዝቅ ካለ፣ ወይም ሁለቱም ከተጣበቡ፣ መልሱ «የለም» ነው፤ ያንን ፔር እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ዝጉት። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚዋሸው። ግራ የገባውን ሳምንት «ወደ ላይ ይመስላል» ብሎ ይጽፍና የቀረውን ሳምንት ሁሉ ያንን «ይመስላል» ሲከተል ይከርማል።

W1 ኢንትሪ አይሰጥም። እዚያ ላይ «ይሄ ካንድል ጥሩ ነው» ብሎ መግባት ስቶፑን 200 እና 300 ፒፕ ያደርሰዋል፤ EURUSD ላይ አንድ ፒፕ 0.0001 ነው። አቅጣጫውን ከወሰዳችሁ ዝጉት።

## ደረጃ 2፦ D1፣ የት እንደምትጠብቁ ወስኑ

ዋጋው 1.0930 ከነካ በኋላ D1 ላይ መውረድ ጀምሯል እንበል። አሥራ ሁለት የገበያ ቀን ወረደ። W1 ላይ ይህ ሁለት ተኩል ገደማ ቀይ ካንድል ነው፤ H1 ላይ ግን ዓለም የፈረሰች ይመስላል። እናንተ የምትፈልጉት መውረዱ የት ሊቆም እንደሚችል ነው።

1. ቀድሞ ጣሪያ የነበረውን ፈልጉ። የመጀመሪያው የሳምንት ሃይ 1.0790 ነበር። ዋጋው አንዴ ሰብሮት ከወጣ በኋላ ሲመለስ ብዙ ጊዜ እንደ ወለል ይቆማል፤ ያኔ ያመለጣቸው ገዢዎች እዚያ ይጠብቃሉ፣ እዚያው ሸጠው የተያዙትም ያለኪሳራ ለመውጣት ይገዛሉ።

2. የመጨረሻውን መውጣት ግማሽ አስሉ። ከ 1.0640 እስከ 1.0930 ድረስ 290 ፒፕ ነው፤ ግማሹ 145፤ ስለዚህ 1.0785። ከ 1.0790 ጋር ተገጣጠመ። ሁለት ምክንያት አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ዞን ተገኘ ማለት ነው። ካልተገናኙ አንዱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ጠብቁ።

3. ዞኑን በብርቱካን ሳጥን አድርጉ፤ ከ 1.0780 እስከ 1.0810። ስፋቱ 30 ፒፕ ነው። አንድ ቀጭን መስመር ካሰመራችሁ ዋጋው ሦስት ፒፕ ሲቀረው ይመለስና «አልነካም» እያላችሁ ትቀራላችሁ። 100 ፒፕ ሳጥን ካሰመራችሁ ደግሞ ዋጋው የትም ቢሆን ዞን ውስጥ ነው።

4. ዋጋው ሳጥኑ ውስጥ እስኪገባ H1ን አትክፈቱ። ስልኩ ላይ 1.0810 ላይ አላርም አድርጉና ሂዱ፤ ሥራችሁን ሥሩ።

5. ከገባ በኋላ አንድ የተዘጋ የቀን ካንድል ጠብቁ። ሁለት ነገር ማሟላት አለበት፦ መዝጊያው ከሳጥኑ በታች አለመሆኑ፣ እና መዝጊያው የካንድሉ የላይኛው ግማሽ ውስጥ መሆኑ። በምሳሌው ማክሰኞ 1.0819 ላይ ከፈተ፣ እስከ 1.0828 ወጣ፣ እስከ 1.0778 ወረደ፣ 1.0806 ላይ ዘጋ። ካንድሉ 50 ፒፕ ነው፤ መዝጊያው ከታች 28 ፒፕ ላይ ነው። በጠባብም ቢሆን አለፈ። ዊኩ፣ የካንድሉ ቀጭን ጭራ፣ ከሳጥኑ በታች 2 ፒፕ መውጣቱ አያስደነግጥ፤ የዘጋው ውስጥ ነው።

ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ካንድሉን አይታችሁ «ቆንጆ ነው» አትበሉ። ገና አራት ሰዓት ቀርቶታል። በአራት ሰዓት ውስጥ ቆንጆው ካንድል ወደ ቀይ ምሰሶ ሲለወጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሌሊት 6 ድረስ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ተኙ፣ ጠዋት ተነስታችሁ እዩት። ለንደን እስኪከፈት ሰፊ ጊዜ አላችሁ።

## ደረጃ 3፦ H1፣ መዞሩን አስመስክሩ

ረቡዕ ጠዋት ነው። አሁን H1 ይከፈታል፤ የሚጠየቀውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ትንሹ ቻርት መውረዱን አቁሟል?

1. የመጨረሻውን የታች ጫፍ አግኙ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የተነካው 1.0778 ነው።

2. ከዚያ በፊት የነበረውን የመጨረሻ የላይ ጫፍ አግኙ። ሰኞ 1.0862 ነበር፤ ማክሰኞ ጠዋት 1.0828። የላይ ጫፎቹ እየወረዱ መጥተዋል፤ ስለዚህ H1 አሁንም ወደ ታች ነው። 1.0828ን በግራጫ አስምሩ። በሩ ይህ ነው።

3. ከበሩ በታች የሚሆነውን ሁሉ እለፉት። ማክሰኞ ማታ ዋጋው ከ 1.0778 ተነስቶ 1.0815 ደርሶ ነበር፤ ያኔ ነው ሦስት አረንጓዴ ካንድል በተከታታይ የታየው። የከዚራው ወዳጄ ቢሆን ገብቶ ነበር። በሩን ግን አልነካም፤ 13 ፒፕ ይቀረው ነበር።

4. ከፍ ያለ ታች ጠብቁ። ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ለንደን ሲከፈት ዋጋው እንደገና ወረደ፤ 1.0791 ላይ ቆመ። ከ 1.0778 ይበልጣል። ሻጮቹ ሞክረው የትናንቱን ታች መድረስ አቃታቸው።

5. በሩ ላይ የተዘጋ ካንድል ጠብቁ። ከ5 እስከ 6 ሰዓት ያለው ካንድል 1.0833 ላይ ዘጋ። የዘጋው ከ 1.0828 በላይ ነው። አሁን ሳምንቱ ወደ ላይ፣ ቀኑ ዞኑ ላይ ቆሟል፣ ሰዓቱም ዞሯል።

ሦስቱም ሊሟሉ ይገባል፦ ከፍ ያለ ታች፣ በሩን መስበር፣ በላይ መዝጋት። ዊክ ብቻ ወጥቶ ከተመለሰ በሩ ዝግ ነው።

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፦ «ወደ 15 ደቂቃ ወርጄ ቀድሜ ብገባስ?» ስቶፑ እንደሚያጥር እውነት ነው። ግን በአንድ ቀን ውስጥ M15 ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ከነዚያ ውስጥ የቀኑን መውረድ የሚያስቆመው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ከW1 ወደ D1፣ ከD1 ወደ H1 ያለው ርቀት በቂ ነው፤ አራተኛ ቻርት ሲጨመር አንዱ ሁልጊዜ የምትፈልጉትን ይነግራችኋል።

## ደረጃ 4፦ ስቶፑ ከየትኛው ቻርት ይወሰዳል?

ብዙ ሰው ሦስቱን ደረጃዎች በትክክል ሠርቶ እዚህ ይጥለዋል። ሐሳቡ የቀን ነው፤ ስቶፑን ግን የሰዓት ያደርገዋል፤ ከ 1.0828 ሥር 15 ፒፕ ላይ። የተለመደ የሰዓት መወዛወዝ ይመታዋል፤ ከዚያ ዋጋው ያለ እሱ ይሄዳል።

ስቶፑን ከቀኑ ካንድል ታች አድርጉ። የማክሰኞ ታች 1.0778 ነው፤ ለስፕሬድ፣ ማለትም ለመግዣና ለመሸጫ ዋጋ ልዩነት፣ እንዲሁም ለዊክ 8 ፒፕ ዝቅ አድርጋችሁ 1.0770። ታርጌቱ ከሳምንቱ የላይ ጫፍ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ 1.0930 ሳይሆን 1.0925፤ ሻጮች ጫፉን ሳይጠብቁ ይጀምራሉ።

አሁን ሁለት መግቢያ አወዳድሩ። 6 ሰዓት ላይ በመዝጊያው 1.0833 ብትገቡ የምትከስሩት 63 ፒፕ፣ የምታተርፉት 92 ነው፤ ውድሩ 1.46 ነው። ዋጋው ተመልሶ በሩን ሲነካ 1.0828 ላይ ብትገቡ 58 ለ 97፣ 1.67 ይሆናል። የኔ ወሰን 1.5 ነው። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ በመዝጊያው መግባት የለም፤ መመለሱ ይጠበቃል። ካልተመለሰ ይለፋል፤ ያመለጠ ባስ ኋላ የሚሮጥ ሰው ላብ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ሎቱን፣ የምትገዙትን መጠን፣ አስሉ፦

```
ሎት = የምትችሉት ኪሳራ በዶላር / (የስቶፕ ፒፕ × 10)
500 ዶላር አካውንት፣ 1% = 5 ዶላር
5 / (58 × 10) = 0.0086
```

EURUSD ላይ 1 ሙሉ ሎት በፒፕ 10 ዶላር ስለሆነ ነው በ10 የተባዛው። ትንሹ ሎት በአብዛኛው ብሮከር 0.01 ነው፤ በሱ ኪሳራው 5.80 ዶላር፣ ማለትም 1.16% ይሆናል። ይህንን እቀበለዋለሁ። የ200 ዶላር አካውንት ላይ ግን ያው 5.80 ዶላር 2.9% ነው፤ የ100 ዶላር ላይ 5.8%። ትንሽ አካውንት ያለው ሰው ስቶፑን ወደ ሰዓት የሚያሳጥረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳያውቀው ዘዴውን በሙሉ ይተወዋል። አካውንቱ የቀን ስቶፕ ካልቻለ በዴሞ ቆዩ፤ ስቶፑን አታሳጥሩ።

## ደረጃ 5፦ ትዕዛዙን አስቀምጡ

1. `Buy Limit` 1.0828፣ `SL` 1.0770፣ `TP` 1.0925፣ 0.01 ሎት። ስቶፑንና ታርጌቱን አብራችሁ በአንድ ጊዜ አስገቡ። ስቶፑ ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢቆረጥም ይሠራል። `Trailing Stop` ግን በ MetaTrader የሚሠራው ከናንተው ማሽን ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እሱም ባለበት ይቆማል። ድሬ ላይ ተቀምጦ በሱ መተማመን አይገባም።

2. ቻርቱ የሚያሳየው የመሸጫውን ዋጋ፣ `Bid`ን ነው፤ ግዢ የሚፈጸመው ደግሞ በ `Ask` ነው። ስፕሬዱ 1 ፒፕ ከሆነ ቻርቱ 1.0827 እስኪያሳይ ትዕዛዙ አይሞላም። «ነክቶታል፣ አልገባልኝም፣ ብሮከሩ ሌባ ነው» ከማለት በፊት ይህን አስሉ።

3. የምትሰርዙበትን ሁኔታ አሁኑኑ ጻፉ። ዋጋው ሳይመለስ 1.0855 ከደረሰ ሰርዙ። እስከ ሌሊት 6 ካልተሞላ ሰርዙ፤ በዚያ ሰዓት ስፕሬድ ስለሚሰፋ ትዕዛዝ ክፍት ትቶ መተኛት ጥሩ አይደለም።

4. በርጫ ከመጀመሩ በፊት ጨርሱ። ይህን በቀልድ አልጻፍኩትም። እኛ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ፤ ኒውዮርክ 9 ሰዓት ላይ ሲነቃ ምርቃናውም አብሮ ይመጣል፤ ያኔ ሁሉም ቻርት ግልጽ ነው፣ ሁሉም ሎት ያንሳል። እኔ ራሴ አንድ ዓመት የዴሞ መዝገቤን ሳገላብጥ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው የገባሁባቸው ውስጥ በወረቀቴ ላይ ያልነበሩት ይበዛሉ። ከ8 ሰዓት በኋላ አዲስ ትዕዛዝ የለም፤ ያለው ብቻ ይሞላ ወይም ይሰረዝ።

በምሳሌው ዋጋው 8 ሰዓት ተኩል ላይ 1.0826 ወረደ፤ ትዕዛዙ ተሞላ።

## ደረጃ 6፦ ከገባችሁ በኋላ H1ን ዝጉ

መግቢያውን የሰጣችሁ H1 ነበር፤ ሥራው አለቀ። ከዚህ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ D1ን ብቻ እዩ።

ረቡዕ ቀኑ 1.0849 ላይ ዘጋ፤ ሃይው 1.0858 ነበር። ሐሙስ እስከ 1.0817 ወረደና 1.0838 ላይ ዘጋ። ሐሙስን H1 ላይ ያሳለፈ ሰው ስምንት ዘጠኝ ቀይ ካንድል አይቶ በኪሳራ ይወጣል። D1 ላይ ግን አንዲት ትንሽ ካንድል ናት፤ ታቿም ከስቶፑ 47 ፒፕ በላይ ነው። አርብ 1.0891 ላይ ዘጋ፤ ከረቡዕ ሃይ በላይ።

አሁን ነው ስቶፑ የሚንቀሳቀሰው። ደንቡ፦ ከገባችሁበት ቀን በኋላ የቀን ካንድል ከቀደመው የቀን ሃይ በላይ ሲዘጋ፣ ስቶፑን ከአዲሱ የቀን ታች ሥር አድርጉት። የሐሙስ ታች 1.0817 ስለነበር 1.0810። አሁንም ብትመቱ 18 ፒፕ ትከስራላችሁ፤ ይሁን። ሰው ወደ መግቢያው ዋጋ ለማምጣት ይቸኩላል፤ ገበያው ግን እናንተ የት እንደገባችሁ አያውቅም። «ግማሹን ልዝጋ» ማለትም 0.01 ሎት ላይ አይቻልም፤ ከዚያ የሚያንስ የለም።

ሌሊቱን የያዛችሁበት ሂሳብም አለ። ስዋፕ የሚባለው የወለድ ልዩነት በየሌሊቱ ይቆጠራል፤ በአብዛኛው ብሮከር ረቡዕ ሌሊት የሦስት ቀን ባንዴ ይቆጠራል፤ ምሳሌያችን ደግሞ የገባው ረቡዕ ነው። ወለድ የማይነካ ሙስሊም አንባቢ ከስዋፕ ነፃ አካውንት ሊጠይቅ ይችላል፤ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ በሌላ ስም ክፍያ የሚያስከፍሉ ስላሉ ግን ውሉን ያንብብ፣ ስለ ሐላልነቱም የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

ቅዳሜ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። W1 አሁንም ከ 1.0640 በላይ ዘግቷል፤ ግዢው ይቆያል። ማክሰኞ 1.0925 ተነካ፤ 97 ፒፕ፣ በ0.01 ሎት 9.70 ዶላር፣ ስዋፑ ተቀንሶ። ምሳሌ ስለሆነ ነው ያተረፈው፤ ያው አሠራር ሐሙስ ዕለት 5.80 ዶላር ከስሮ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ስህተትም አይባልም።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

H1 ዞሮ ቀኑ ግን ከሳጥኑ በታች ዘጋ። ዋጋው ሲወርድ ትዕዛዙን ሞልቶታል። ስቶፑ ሥራውን ይሥራ፤ አታስፉት። ከዚያ 1.0640 አጠገብ አዲስ ሳጥን ይፈለጋል፤ የደረጃ 2 ሂሳብ እንደገና ከመጀመሪያው።

ስቶፑ ተመታና ዋጋው ወዲያው ተመለሰ። በሳምንቱ አቅጣጫ አሁንም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ። እንደገና መግባት የሚቻለው አዲስ የቀን ካንድል ደረጃ 2ን ካሟላና H1 አዲስ በር ከሰበረ ብቻ ነው። በአንድ ሳጥን ላይ ከሁለት ሙከራ አትለፉ፤ ሦስተኛው እልህ ነው።

ዋጋው ሳጥኑን ሳይነካ ሄደ። ትልቅ ትሬንድ ላይ ይህ ይደጋገማል፤ የዘዴው ትልቁ ድክመትም ይኸው ነው። በጣም ጠንካራ የሆነው መውጣት ግማሹን አይመለስም። ሳጥኑን ወደ ዋጋው አታስጠጉ፤ አዲስ የሳምንት የላይ ጫፍ ሲሠራ ግማሹን ከዚያ አስሉ።

ዜና ሊወጣ ነው። የአሜሪካ የሥራ ስምሪትና የዋጋ ንረት ቁጥሮች የሚወጡት ኒውዮርክ ጠዋት 8፡30 ላይ ነው፤ ለኛ ከቀኑ 9፡30 ወይም 10፡30። በዚያ ሰዓት የተዘጋ የሰዓት ካንድል በሩን ቢሰብርም አትመኑት፤ ቀጣዩም ከበሩ በላይ እስኪዘጋ ጠብቁ።

ከገባችሁ በኋላ ሌላ ቻርት እየከፈታችሁ ነው። ኪሳራ ላይ ሆናችሁ W1ን ከፍታችሁ «በረጅሙ ይመለሳል» ስትሉ፣ ወይም ትርፍ ላይ ሆናችሁ M5 ላይ ቀይ ፈልጋችሁ ስትደነግጡ፣ ራሳችሁን ያዙ። ወረቀቱን አውጡ። 1.0770 ተነካ? 1.0925 ተነካ? ሁለቱም ካልተነኩ ስልኩን ኪስ ክተቱት፤ የሚቀጥለው ማየት ነገ ጠዋት፣ D1 ላይ ነው።